የሱዳኑ 76 በመቶ፦ ሰው ስለወሰደው አንቲባዮቲክ ሲጠየቅ ምን ይቆጠራል?

እ.ኤ.አ. በ2015 በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የዓለም ጤና ድርጅት በ12 አገሮች 9,772 ሰዎችን ስለ አንቲባዮቲክ አስጠይቆ ነበር። ኢትዮጵያ ከአገሮቹ መካከል አልነበረችም፤ ጎረቤታችን ሱዳን ግን ነበረች። በዘጠኙ አገሮች ጥያቄው የቀረበው በኢንተርኔት ሲሆን፣ በሱዳን፣ በግብፅና በናይጄሪያ ጠያቂዎች ሰዎችን ጎዳና ላይ ፊት ለፊት አነጋግረዋል። በሱዳን የተጠየቁት 518 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ 76 በመቶው ባለፉት ስድስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደናል አሉ። መድኃኒቱን ያዘዘልን ወይም የሰጠን ሐኪም ወይም ነርስ ነው ያሉት ደግሞ 91 በመቶ ናቸው።

ውጤቱ በኖቬምበር ወጣና በየዜናው ተጠቀሰ። ድርጅቱ ራሱ ጥናቱ ሁሉን ያካተተ ነው አላለም፤ ዓላማውም ሕዝቡ ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ነበር። ቁጥሩ ግን አንዴ ከወጣ ባለቤቱን አይጠይቅም። «ከአራት ሱዳናውያን ሦስቱ በግማሽ ዓመት ውስጥ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያም ሌላው ያንን ይጠቅሳል። እኔ እዚህ የምፈልገው ይህን አንድ ቁጥር ፈትቼ ማየት ነው። 76 በመቶው የተገኘው ከሰዎች አፍ ነው፤ አፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ደግሞ በሁለት ወንፊት አልፏል። አንደኛው ወንፊት «ማን ተጠየቀ?» የሚለው ነው፤ ይህ የመረጣ መዛባት ይባላል። ሁለተኛው «የተጠየቀው ሰው ምን አስታወሰ?» የሚለው ነው፤ ይህም የማስታወስ መዛባት ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በሥራ ቀን ጎዳና ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መንገድ ላይ ያለውን ነው። አልጋ ላይ የተኛውን አያገኝም። ቤት ውስጥ ሕፃን የያዘችውን እናት፣ ከከተማ ርቆ የሚኖረውን ገበሬና ከብት አርቢ፣ ቸኩሎ ወደ ሥራ የሚሮጠውን አያገኝም። በተቃራኒው ከክሊኒክ ወጥቶ መድኃኒት ቤት የሚፈልግ ሰው በዚያው መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ጎዳናው የራሱ ምርጫ አለው። ችግሩ ምርጫው ቁጥሩን ከፍ ያድርገው ወይም ዝቅ በውጭ ሆኖ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ግምቶች ናቸው። ከአንድ ከተማ 100 አዋቂዎች 40ዎቹ ጠያቂው መንገድ ላይ ሊያገኛቸው የሚችሉ፣ 60ዎቹ ግን የማይገኙ ይሁኑ። መንገድ ላይ ከሚገኙት 76 በመቶው መድኃኒቱን ወስደዋል እንበል። ቤት የቀሩት ሐኪምም መድኃኒት ቤትም የራቃቸው ከሆኑና የወሰዱት ግማሾቹ ብቻ ከሆኑ፣ የከተማው እውነተኛ ቁጥር 60 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቤት የቀሩት በብዛት ሕመምተኞችና አረጋውያን ከሆኑና 85 በመቶው ከወሰዱ ደግሞ ቁጥሩ 81 ይደርሳል። ጠያቂው በሁለቱም ጊዜ የሚመዘግበው ግን ያንኑ 76 ነው። በጎዳናው ላይ የተሰበሰበው መረጃ ራሱ ከሁለቱ ታሪኮች የትኛው እውነት እንደሆነ አይነግረንም፤ ያልተጠየቁት ሰዎች መረጃው ውስጥ የሉምና።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ላንሳ። ለ518 ሰዎች ናሙና የተለመደውን ስሌት ብንሠራ፣ ለ76 በመቶው ወደ ላይም ወደ ታችም አራት መቶኛ ነጥብ ያህል የስህተት ወሰን እናገኛለን። አንባቢ «ከ72 እስከ 80» ሲል ያምናል። ሰው ቢጨመርና 5,000 ቢደርስ ወሰኑ ወደ አንድ ነጥብ ገደማ ይጠብባል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚለካው በዕጣ የመጣን ልዩነት ብቻ ነው። ቤት የቀረውን ሰው ወደ መንገድ አያወጣም። አሥር እጥፍ ሰው እዚያው ጎዳና ላይ መጠየቅ ያንኑ የተዛባ ቁጥር በበለጠ ልበ ሙሉነት መጻፍ ነው።

በኢንተርኔት የተጠየቁትም የራሳቸው ጎዳና አላቸው። በህንድና በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2015 አብዛኛው ሕዝብ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር፤ በሁለቱም አገሮች የወጣው ቁጥር ግን እንደ ሱዳኑ 76 በመቶ ነው። ይህ መመሳሰል አንዳንዱን «እንግዲህ ቁጥሩ ትክክል ነው ማለት ነው» ያሰኘዋል። እኔን አያሳምነኝም። በአንዱ በኩል የተጠየቀው ኢንተርኔት ያለው ሰው፣ በሌላው በኩል መንገድ የወጣ ሰው ከሆነ፣ የቁጥሮቹ መመሳሰል የአገሮቹን መመሳሰል አያሳይም። የ12ቱ አገሮች ጥቅል ቁጥር 65 በመቶ ተብሏል። ከባርቤዶስ 507፣ ከህንድ 1,023 ሰዎች ተጠይቀው የተጠናቀረ ድምር በዓለም ላይ ካለ ከየትኛው ሕዝብ ጋር እንደሚዛመድ መናገር ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወንፊት እንለፍ። ይህ በይበልጥ የሚያስገርመኝ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ሰውዬው ፊታችን ቆሞ በቅን ልቦና እየመለሰ ይሳሳታል።

የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «ለመጨረሻ ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰዱት መቼ ነው?» መልሱ ባለፈው ወር፣ ባለፉት ስድስት ወራት፣ ባለፈው ዓመት፣ ከዓመት በፊት፣ በፍጹም ወስጄ አላውቅም፣ ወይም አላስታውስም ነው። ይህን ለመመለስ ሰው ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። የወሰደው መድኃኒት አንቲባዮቲክ መሆኑን መለየት፣ መውሰዱን ማስታወስ፣ ከዚያም በጊዜ ላይ ማስቀመጥ። ሦስቱም ይሰነካከላሉ።

መለየቱን ከራሴ ልምድ ላሳይ። ከዓመታት በፊት በአንድ የአገራችን ከተማ ለትንሽ የቤት ለቤት ጥናት መጠይቅ እየያዝኩ እዞር ነበር። አንዲት እናት በራፋቸው ላይ ቡና እየለቀሙ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ባለፈው አንድ ወር አንቲባዮቲክ ወስደው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ልጄ፣ መድኃኒት ነገር አልወድም።»

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ልሄድ ስነሣ፣ ከጉሮሮ ሕመማቸው እንዴት እንደዳኑ ነገሩኝ። «ያቺ ቀይና ቢጫዋ ካፕሱል ናት ያዳነችኝ» አሉና ከመደርደሪያው ላይ የተረፈውን እሽግ አምጥተው አሳዩኝ። አሞክሳሲሊን ነው። ከአሥር እንክብል አራቱ አልተነኩም። በዚያው ቀን፣ ከሦስት ቤት በኋላ፣ አንድ ጎልማሳ «አዎ፣ ለወገቤ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ» አለኝ። እሽጉን እንዲያሳየኝ ስለምነው ያመጣው ዲክሎፌናክ ነበር፤ የሕመም ማስታገሻ። እኔ በወረቀቴ ላይ አንድ «የለም» እና አንድ «አዎ» ጽፌ ነበር። ድምሩ ትክክል ነው፤ ሁለቱም ሰዎች ግን ተሳስተው ተመዝግበዋል።

የ12ቱ አገሮች ጥናት ይህ ስህተት ትንሽ እንዳልሆነ በራሱ መረጃ ይመሰክራል። ከተጠያቂዎቹ 64 በመቶው ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በአንቲባዮቲክ ይድናሉ ብለው በስህተት ያምኑ ነበር። እንዲህ የሚያምን ሰው ለጉንፋን የወሰደውን ማንኛውንም እንክብል አንቲባዮቲክ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። አንድ ሰው ስለ መድኃኒቱ ያለው እውቀትና ስለ አወሳሰዱ የሚሰጠው መልስ የተሳሰሩ ከሆኑ፣ «ያላወቁት የበለጠ ይወስዳሉ» የሚል ድምዳሜ ከመሰንዘሩ በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምናልባት ያላወቁት የበለጠ አይወስዱም፤ የበለጠ ነገር በዚያ ስም ይጠራሉ እንጂ።

ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ የሰው ልጅ ትዝታ ያለፈን ነገር ወደ ፊት ያቀርባል። ከስምንት ወር በፊት የሆነ ነገር፣ በተለይ ከባድ ሕመም ከነበረ፣ «አሁን በቅርቡ» ይመስላል። ቀላሉ ደግሞ ጨርሶ ይረሳል። በጥናቱ ጥቅል ውጤት ውስጥ የዚህ ጥላ ይታየኛል። ባለፈው አንድ ወር ወስጃለሁ ያሉት 35 በመቶ፣ ባለፉት ስድስት ወራት ያሉት ደግሞ 65 በመቶ ናቸው። በየወሩ ከ100 ሰዎች 35ቱ በዕጣ እንደ አዲስ ቢወስዱ ኖሮ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሳይወስዱ የሚቀሩት ሰባት ወይም ስምንት ብቻ በሆኑ ነበር። በጥናቱ ግን 35 ናቸው። ይህ ልዩነት እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እነዚያው ሰዎች ደጋግመው የሚወስዱ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይመጣል። ነገር ግን የሦስት ወሩን ወደ ባለፈው ወር የሚያቀርቡና የአምስት ወሩን የሚረሱ ሰዎች ቢበዙም ውጤቱ ይኸው ነው። መጠይቁ የጠየቀው ስለ መጨረሻው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እስከ አሁን ያልኩት ስህተት ሁሉንም ሰው በእኩል ሊነካ ይችላል። በትክክለኛ ትርጉሙ የማስታወስ መዛባት የሚባለው ግን አንዱ ወገን ከሌላው በተሻለ ሲያስታውስ ነው። የሱዳኑን 91 በመቶ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ራሱን የቻለ ክስተት ነው፤ ከሥራ ይቀራል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ መርፌ ይወጋል፣ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ከሰፈር መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ጥቂት እንክብል መግዛት ወይም ከወንድም የተረፈውን መዋጥ ግን እንደ ስኳር መግዛት ነው፤ በሁለተኛው ወር ከአእምሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ለመጨረሻ ጊዜ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው የመጨረሻው ሳይሆን የሚታወሰው ነው፤ የሚታወሰው ደግሞ ሐኪም ያለበት ነው። በዚህ ላይ መንገድ ላይ ለቆመ እንግዳ «ያለ ማዘዣ ገዛሁ» ማለት የሚያሳፍር መሆኑ ይጨመራል። ሁለቱ ተደምረው ያለ ሐኪም የሚወሰደውን ድርሻ ያሳንሱታል። በዚህ ነጥብ ላይ፣ ከ76ቱ በተለየ፣ የስህተቱን አቅጣጫ ለመናገር እደፍራለሁ፤ 91 ከእውነቱ ከፍ ያለ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እንግዲህ ያንኑ ጥናት በሱዳን ወይም በእኛው አገር እንደገና መሥራት ቢኖርብን ምን እንለውጣለን?

ለመረጣው፣ ሰው መንገድ ላይ ከመጠበቅ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቀበሌዎች ወይም የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ይያዛል፤ ከዚያ ብዙ ሕዝብ ያለው ቦታ የበለጠ ዕድል እንዲያገኝ ተደርጎ ዕጣ ይወጣል። በወጣው ቦታ ቤቶች ሁሉ ይቆጠራሉ፣ ከእነሱም በዕጣ ሃያ ያህሉ ይመረጣሉ። ወሳኙ ደረጃ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በር የከፈተውን ሰው መጠየቅ ጎዳናውን ወደ በራፍ ማምጣት ብቻ ነው፤ ቀን ቤት የሚውሉትን ብቻ ያስገኛልና። የቤቱ አዋቂዎች ስም ተጽፎ አንዱ በዕጣ ይመረጣል፤ እሱ ከሌለ በሌላ ሰው አይተካም። በማታና በእረፍት ቀን ጨምሮ ሦስት ጊዜ ይመለሱለታል። ያልተገኙትና እምቢ ያሉት ቁጥር ይመዘገባል፤ ከእምቢተኞቹ ጥቂቶቹ ቢያንስ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንዲመልሱ ይለመናሉ። ያቺ አንዲት መልስ ያልተጠየቁት ከተጠየቁት ይለዩ እንደሆነ የምታሳይ ብቸኛዋ ቀዳዳ ናት።

ክብደት መስጠት፣ ማለትም የሴቶች ወይም የገጠር ሰዎች ድርሻ ካነሰ መልሳቸውን ከፍ አድርጎ መቁጠር፣ ይረዳል። ነገር ግን መንገድ ላይ የተገኙት ጥቂት ሴቶች ቤት የቀሩትን ሴቶች የሚወክሉ ከሆነ ብቻ ነው። ገበያ የወጣችው ነጋዴ አራስ ቤት ስላለችው ልትመልስ አትችልም፤ ድምፅዋን በሦስት ብናባዛውም።

ለማስታወሱ የመጀመሪያው ማስተካከያ ጊዜውን ማሳጠር ነው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ሕፃናት ትኩሳትና ተቅማጥ የሚጠየቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጊዜው ሲያጥር ግን በዚያ ጊዜ የወሰደ ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ተመሳሳይ እርግጠኝነት ለማግኘት ብዙ ሰው መጠየቅ ይኖራል፣ ጥናቱም በክረምት ቢሠራ ከበጋው የተለየ ውጤት ይሰጣል። እኔ አራት ሳምንት ላይ ተስማምቼ፣ ጥናቱን በሁለት ወቅት ብከፍለው እመርጣለሁ።

ስድስት ወር የግድ ከተባለ፣ «ስድስት ወር» የሚለውን ቃል ትቶ ሰው የሚያውቀውን ምልክት መትከል ይሻላል። በሱዳን በኦክቶበር 2015 ለተጠየቀ ሰው ስድስት ወር ወደ ኋላ ማለት የኤፕሪሉ አገር አቀፍ ምርጫ ነው፤ «ከምርጫው ወዲህ ነው ወይስ በፊት?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ያለፈው ወር ድንበር ደግሞ በሴፕቴምበር መጨረሻ የተከበረው አረፋ ነው። በእኛ ዘንድ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና ጥምቀት ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ማስተካከያ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሕመሙ መነሣት ነው። እኔ እማማን ስለ አንቲባዮቲክ ከመጠየቅ ይልቅ «ባለፉት አራት ሳምንታት ያመመዎት ነገር ነበር?» ብዬ ብጀምር፣ ጉሮሯቸው ወዲያው በመጣ ነበር። ከዚያ ምን አደረጉ፣ ምን ወሰዱ፣ ከየት አገኙት፣ የተረፈ ካለ ያሳዩኝ እያልኩ እቀጥላለሁ። «አንቲባዮቲክ» የሚለውን ቃል የምጽፈው እኔ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

እሽጉ ለተጣለበት ሰው ደግሞ በማላዊ፣ በዚምባብዌና በኡጋንዳ የተሞከረ ዘዴ አለ። አጥኚዎቹ በአካባቢው የሚሸጡትን አንቲባዮቲኮች ገዝተው በከረጢት ይዘው ይሄዳሉ። ተጠያቂው እሽጎቹን አንድ በአንድ እያነሣ የሚያውቀውን፣ የወሰደውን፣ በቅርቡ የወሰደውን ለይቶ ይከምራል። ዓይንና እጅ ስም የማያወጣውን ያወጣሉ። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። ከረጢቱ ውስጥ አንቲባዮቲክ ያልሆኑ ማስታገሻዎችም ቢቀላቀሉ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ሁሉንም «አዎ» የሚል ሰው አይታወቅም። አንዳንድ ካፕሱሎች ደግሞ በቀለም ስለሚመሳሰሉ የአካባቢው ዝርዝር ከመድኃኒት ቤቶቹ ተጠንቶ መዘጋጀት አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስህተት ይቀራል፤ የቀረውን መለካት ነው። ከጤና ጣቢያ መዝገብ አንቲባዮቲክ የወሰዱ 100 ሰዎችና ታክመው ያልተሰጣቸው 100 ሰዎች ይመረጣሉ፤ ጠያቂው ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያውቅ ያነጋግራቸዋል። ከወሰዱት ስንቱ «አዎ»፣ ካልወሰዱት ስንቱ «የለም» እንዳሉ ይቆጠራል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በሱዳኑ ቁጥር ላይ እናያለን፤ የምጠቀምባቸው የስህተት መጠኖች ግምቶች ናቸው። ከወሰዱት 95 በመቶው አዎ ቢሉና ካልወሰዱት 40 በመቶው ማስታገሻን ቆጥረው አዎ ቢሉ፣ 76 የሚል መልስ የሚመጣው እውነቱ 65 ሲሆን ነው። ከወሰዱት 85 በመቶው ብቻ ቢያስታውሱና ካልወሰዱት 20 በመቶው ቢሳሳቱ ግን እውነቱ 86 ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
እውነተኛ = (የተነገረ + የለም_ትክክል - 1) / (አዎ_ትክክል + የለም_ትክክል - 1)
(0.76 + 0.60 - 1) / (0.95 + 0.60 - 1) = 0.65
(0.76 + 0.80 - 1) / (0.85 + 0.80 - 1) = 0.86
```

መዝገቡም ቢሆን ሁሉን አያይም። እዚያ የሚገኙት ሐኪም ዘንድ የሄዱት፣ ማለትም ቀድሞውንም በደንብ የሚያስታውሱት ናቸው። እማማ ካፕሱላቸውን ያገኙት ከጎረቤት ነበር፤ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። በእሳቸው ዓይነት ሰው ላይ የሚሠራውን ስህተት ለመለካት የቀረው መንገድ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ቤቶች ባዶ እሽጎች የሚጠራቀሙበት ከረጢት ሰቅሎ በየሳምንቱ እየተመለሱ መቁጠር፣ ከወር በኋላም ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ ማነጻጸር ነው። አድካሚ ነው፤ ከረጢቱ ግድግዳው ላይ ስላለም ሰዎቹ መድኃኒት አወሳሰዳቸውን ሊለውጡ ወይም ከሌላው ሰው በተሻለ ሊያስታውሱ ይችላሉ።